ዋጋው ሳይጮህ፣ ሳይደበቅም፦ የአንድ ገጽ ሜኑ አቀማመጥ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ነባሩ ገጽ

የተረከብኩት ሜኑ በኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ የታተመ ነው። ጀርባው የመጠጥ ዝርዝር ስለሆነ ለጊዜው አልነካውም። ፊቱ ላይ 27 የምግብ ዓይነቶች በሦስት ርዕሶች ሥር ተዘርዝረዋል፦ 6 መክፈቻዎች፣ 17 ዋና ምግቦችና 4 ጣፋጮች። እያንዳንዱ ምግብ አንድ መስመር ይዟል፤ ከስሙ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ቀኝ ኅዳግ ድረስ ነጠብጣብ ተደርድሮ፣ በመጨረሻ ዋጋው በደማቅ ፊደል ይመጣል፦

የተጠበሰ ዓሣ ከአትክልት ጋር ........................ 240.00

ይህ አሰላለፍ ለሒሳብ መዝገብ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ ዓምድ ስለቆሙ፣ ዓይን አንድ ጊዜ የቀኙን ጠርዝ ካገኘ በኋላ ወደ ምግቡ ስም የሚመለስበት ምክንያት የለውም፤ ቁጥሮቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ወርዶ አነስተኛውን ይመርጥና፣ ያ ቁጥር የየትኛው ምግብ እንደሆነ ለማወቅ ነጠብጣቡን ተከትሎ ወደ ግራ ይመለሳል። ገጹ አንባቢውን ምግብ ከማስመረጡ በፊት ዋጋ ያስመርጠዋል ማለት ነው። ከነጥብ በኋላ የተጻፉት ሁለት ዜሮዎችም ምንም ሳይነግሩት የቁጥሩን ርዝመት በእጥፍ ያህል አሳድገዋል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት የሚፈልጉትን በአጭሩ ነገሩኝ፤ «ዋጋው አይጩህብኝ፤ ደበቁት ግን እንዳልባል» አሉ። ከዚህ የተሻለ የሥራ ትእዛዝ ልጽፍ አልችልም ነበርና እንዳለ ወሰድኩት።

አብረው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የሜኑ አንባቢ ዓይን መጀመሪያ ገጹ መሃል፣ ቀጥሎ ወደ ላይኛው ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ግራ ይሄዳል የሚባለውን ሰምተው፣ የሚያተርፏቸውን ምግቦች በእነዚያ ሦስት ነጥቦች ላይ እንዳስቀምጥ ጠየቁኝ። ሐሳቡ በሙያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ ሲቢል ያንግ የዓይን እንቅስቃሴን በመሣሪያ ተከታትላ በ2012 ያሳተመችው ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ሜኑን እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ያነቡታል፣ ዓይን ዘወትር የሚያርፍበት «ወርቃማ ቦታ» ግን አልተገኘም። እኔም ገጹን በዚህ ላይ ለመመሥረት ወሰንኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሥራዬ ዓይን የሚሰናከልበትን ነገር ከመንገዱ ማንሣት ይሆናል።

ማክሰኞ፦ ምድቦቹ

ትልቁ ችግር ዋጋው አይደለም፤ 17 ምግቦች ያለ ዕረፍት የተደረደሩበት «ዋና ምግቦች» የሚለው ርዕስ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ዝርዝር የገጠመው እንግዳ እያንዳንዱን ምግብ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ስለሚያታክተው፣ ለማነጻጸር ቀላል የሆነውን ነገር ይፈልጋል፤ እዚህ ገጽ ላይ ደግሞ ከቁጥር የበለጠ ለማነጻጸር የሚቀል የለም። ስለዚህ ምድቦቹን ሳላስተካክል ዋጋውን ዝቅ ባደርገው፣ እንግዳው መደገፊያውን ይነጠቃል እንጂ አይታገዝም።

ዋናው ሼፍ ምግቦቹ እንደ ወጥ ቤቱ አሠራር እንዲከፈሉ ሐሳብ ሰጡ፦ በፍርግርግ ላይ የሚጠበሱ፣ በመጥበሻ የሚሠሩ፣ በምድጃ የሚበስሉ። ይህ ለወጥ ቤቱ ትክክለኛ ክፍፍል ነው፤ ትእዛዙ ለማን እንደሚሄድ ይነግራል። እንግዳው ግን ተቀምጦ የሚያስበው በዚህ መንገድ መሆኑን ለማወቅ ዋና አስተናጋጇን «ሰዎች ሜኑውን ከፍተው በመጀመሪያ ምን ይጠይቁሻል?» አልኳት። መልሷ ፈጣን ነበር፤ «ዓሣ ምን ምን አላችሁ? ሥጋ የሌለበት የቱ ነው? ይሄው ነው፤ በምን እንደተጠበሰ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ 17ቱን እንግዳው በሚጠይቀው መንገድ በሦስት ከፈልኳቸው፦ ዓሣ 4፣ ሥጋና ዶሮ 7፣ ፓስታና ሩዝ 6። አንድ ምግብ ብቻ በሁለት ምድቦች መካከል ቆመ፤ ዓሣ ያለበት ፓስታ ነው። በሁለቱም ቦታ መጻፍ ገጹን ያረዝማል፣ ያንኑ ምግብ ሁለት ጊዜ ያየ አንባቢም የተለየ መስሎት ልዩነቱን ይፈልጋል። ከፓስታዎቹ ጋር አስቀመጥኩት፤ ምክንያቱም ዓሣ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ዓሣው ራሱ የሳህኑ ዋና ነገር እንዲሆንለት ይፈልጋል፣ ፓስታ የሚፈልግ ሰው ግን ዓሣ መኖሩን ከምግቡ ስም ላይ ያነበዋል።

ለርዕሶቹ አጭርና ግልጽ ቃል መረጥኩ። «የባሕር በረከት» የሚል ርዕስ ቀርቦልኝ ነበር፤ «ዓሣ» የሚለው ይሻላል፣ ገጹን በጨረፍታ የሚያይ ሰው ሳያቆም ይይዘዋል።

ረቡዕ፦ በምድብ ውስጥ ማን ይቅደም

ባለቤቱ ያለፈውን ወር የሽያጭ መዝገብና ሼፉ ያሰሉትን የግብዓት ወጪ ሰጡኝ። ለዚህ ሥራ የምጠቀምበት ዘዴ ካሳቫናና ስሚዝ በ1982 ያወጡት ነው። እያንዳንዱን ምግብ በሁለት ጥያቄ ይመዝናል፦ በምድቡ ውስጥ ምን ያህል ይታዘዛል? ከዋጋው ላይ የግብዓቱ ወጪ ሲነሣ በአንድ ሳህን ስንት ይቀራል? በቂ ታዝዟል የሚባለው ምግቦቹ እኩል ቢታዘዙ ኖሮ ይደርሰው ከነበረው ድርሻ ቢያንስ 70 በመቶውን ሲያገኝ ነው።

የሥጋና የዶሮ ምድብን ላሳይ። ሰባት ምግቦች ስላሉት እኩል ድርሻ 14.3 በመቶ ያህል ነው፤ የዚህ 70 በመቶ ወደ 10 በመቶ ይመጣል። በወሩ ከምድቡ 600 ሳህን ወጥቷል፤ ስለዚህ መለያው 60 ሳህን ነው። የተሸጡት በቅደም ተከተል 162፣ 118፣ 96፣ 84፣ 66፣ 48 እና 26 ናቸው። ከመለያው በታች የወደቁት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። 48 ጊዜ የታዘዘው በዝግታ የበሰለ የበግ ሥጋ ነው፤ በሳህን የሚያስቀረው ገንዘብ ከሰባቱ ሁሉ ይበልጣል፣ በነባሩ ገጽ ላይ ግን ከ17ቱ መካከል አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ተቀብሮ ነበር። 26 ጊዜ የታዘዘው አነስተኛ የልጆች ሳህን ነው፤ የሚያስቀረውም ትንሽ ነው። ዘዴው እንዲህ ያለውን አውጣው ይላል። ባለቤቱ ግን ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ያን ሳህን ካጣ ጠረጴዛው በሙሉ ሌላ ቤት እንደሚሄድ ነገሩኝ፤ ይህን የሽያጭ ሠንጠረዥ አያሳይምና ሳህኑ ይቆያል።

ቦታ የሚሰጠው እንግዲህ ከዚህ ነው። ዳያንና ባር-ሂሌል በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ምድብ ዝርዝር መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የተቀመጡ ምግቦች፣ መሃል ላይ ከተቀመጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸሩ እስከ ሁለት እጥፍ ታዝዘዋል። ስለዚህ የምድቡ ሁለት ጫፎች የተለየ ዋጋ አላቸው፤ ምድቦች በበዙ ቁጥርም ጫፎች ይበዛሉ። 17 ምግቦች በአንድ ርዕስ ሥር ሲሆኑ ሁለት ጫፍ ብቻ ነበራቸው፣ በሦስት ሲከፈሉ ስድስት ሆኑላቸው። የበጉን ሥጋ ከምድቡ አናት ላይ አደረግኩት። 162 ጊዜ የታዘዘውን፣ ማለትም የተጠበሰውን ዶሮ፣ ሦስተኛ ቦታ ላይ አወረድኩት፤ የለመዱት እንግዶች የትም ቢቀመጥ ይፈልጉታልና ጫፍ ማባከን አያስፈልግም። የታችኛውን ጫፍ ለሁለተኛው አትራፊ ሰጠሁት፣ የልጆቹ ሳህን አምስተኛ ላይ ሆነ።

ከሁሉ የጠበቅኩት ዋጋዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ወይም ከትልቅ ወደ ትንሽ እንዳይደረደሩ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ በየትኛውም ምድብ ከታየ፣ ቁጥሩን የቱንም ያህል ባሳንሰው አንባቢው ሥርዓቱን በሦስተኛው ምግብ ላይ ይደርስበትና ከዚያ በኋላ የሚያነበው ደረጃውን ነው።

ሐሙስ፦ ክፍተት

ወረቀቱ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይና ከታች 20፣ ከግራና ከቀኝ 18 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ተውኩ፤ የምግብ ቤቱ ስም ከላይ 27 ሚሊ ሜትር ወሰደ። ለምግቦቹ የቀረው ቁመት 230 ሚሊ ሜትር ነው። 27 ምግቦችን ከነማብራሪያቸው በአንድ ዓምድ ማውረድ ስለማይቻል ገጹን በሁለት ከፈልኩት፤ መካከላቸው 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን እያንዳንዱ ዓምድ 81 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በግራው ዓምድ መክፈቻዎቹና የሥጋና የዶሮ ምድብ፣ በቀኙ ዓሣ፣ ፓስታና ሩዝ፣ በመጨረሻም ጣፋጮቹ ተቀመጡ። አንድም ምድብ ከዓምድ ዓምድ ተቆርጦ አልሄደም፤ ይህን ለድርድር አላቀርበውም፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ምድብ ሁለተኛ አጋማሽ በቀኝ ዓምድ አናት ላይ ያለ ርዕስ ይቆማል፣ አንባቢውም የምን ዝርዝር እንደሆነ አያውቅም።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው፣ ርዕስን ከስም፣ ስምን ከማብራሪያ ለመለየት የቀረን መሣሪያ መጠን፣ ውፍረትና ባዶ ቦታ ነው። ርዕሱን በ14 ነጥብ ደማቅ፣ የምግቡን ስም በ11 ነጥብ ከፊል ደማቅ፣ ማብራሪያውን በ9 ነጥብ ቀጭን ፊደል አደረግኩ። ሦስት ደረጃ ይበቃል። አራተኛ ስጨምር ዓይን ልዩነቱን ያያል፣ ትርጉሙን ግን አያገኘውም።

የበለጠ የደከምኩበት ባዶ ቦታው ነው። ዓይን ተቀራርበው የቆሙ ነገሮችን አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ስለዚህ በስምና በማብራሪያ መካከል ያለው ርቀት፣ በምግብና በምግብ መካከል ካለው፣ ያም በምድብና በምድብ መካከል ካለው በግልጽ ማነስ አለበት። ከመስመር መስመር 4.5 ሚሊ ሜትር ሰጠሁ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ጨመርኩ፤ ስለዚህ ስምና የአንድ መስመር ማብራሪያ ያለው ምግብ ከነክፍተቱ 12 ሚሊ ሜትር ይይዛል። በምድቦች መካከል ተጨማሪ 10 ሚሊ ሜትር አለ። ርዕሱ ራሱ ከሥሩ ካለው 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጋር 10 ይወስዳል። ከርዕሱ በላይ 13፣ ከበታቹ 4 ሚሊ ሜትር መሆኑ የታሰበበት ነው፤ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ርዕሱ ከላይ ያለው ምድብ መዝጊያ ይሁን የሚቀጥለው መክፈቻ አይለይም ነበር።

የቀኙ ዓምድ ይበቃ እንደሆነ ላስላ። 14 ምግቦች በ12 ሲባዙ 168፣ ሦስት ርዕሶች 30፣ ሁለት የምድብ ክፍተቶች 20፣ ማብራሪያቸው ሁለት መስመር የሆነ ሁለት ምግቦች ተጨማሪ 9 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ድምሩ 227 ነው፤ ከ230 ላይ 3 ሚሊ ሜትር ተረፈ። አንድ ማብራሪያ ወደ ተጨማሪ መስመር ቢያልፍ 4.5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋልና ዓምዱ ሞልቶ ይፈሳል። በዚህ ጊዜ የሚያጥረው ጽሑፉ ነው እንጂ ክፍተቱ አይደለም። በአንድ ምድብ ውስጥ ብቻ ክፍተቱን ትንሽ ማጥበብ የማይታይ ይመስላል፤ ሆኖም ያ ምድብ ከጎኑ ካሉት የጠቆረ ሆኖ ይታይና ዓይንን ያለ ምክንያት ይጠራል።

በመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ከየርዕሱ ሥር ቀጭን መስመር ነበረ። ገጹን ገልብጬ፣ ማለትም እግሩን ወደ ላይ አድርጌ፣ አየሁት፤ ፊደላቱ እንዳይነበቡ ሲደረግ የሚቀረው የጥቁርና የነጭ አከፋፈል ብቻ ነው። ምድቦቹ ያለ መስመሩም ተለያይተው ታዩ፤ መስመሮቹ ግን አግድም የተዘረጉ ደፎች ሆነው ዓይን ወደ ታች ሲወርድ በየጊዜው ያስቆሙታል። አወጣኋቸው።

ዓርብ፦ ዋጋው የት ይቁም

ነጠብጣቡን፣ ሁለቱን ዜሮዎችና የቀኙን ዓምድ አነሣሁ። ዋጋው አሁን ከማብራሪያው መጨረሻ ቀጥሎ፣ በማብራሪያው መጠንና ውፍረት፣ ከትንሽ ክፍተት በኋላ ይመጣል፦

የተጠበሰ ዓሣ ከአትክልት ጋር
በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ የበሰለ  240

ማብራሪያዎቹ የተለያየ ርዝመት ስላላቸው ቁጥሮቹም በተለያየ ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም። አንባቢው አንድን ዋጋ ለማግኘት ስሙንና ማብራሪያውን አልፎ መምጣት አለበት፤ ሲደርስ ግን ዋጋው ሁልጊዜ በሚጠብቀው ቦታ ነው፣ ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ። ዝቅ ማለትና መደበቅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዝቅ ያለ ዋጋ የታወቀ ቦታ አለው።

የገንዘቡን ስም ከየዋጋው ላይ አወጣሁና በገጹ ግርጌ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግብር ተካቶ እንደሆነ ከሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፍኩት። በ2009 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ምግብ ቤት ባደረጉት ሙከራ፣ ዋጋው በቁጥር ብቻ የተጻፈበት ሜኑ የተሰጣቸው እንግዶች፣ የገንዘብ ምልክት ካለበትና ዋጋው በቃላት ከተጻፈበት ሜኑ ካዘዙት የበለጠ አውጥተዋል። አንድ ቤት ስለሆነ ብዙ አልመካበትም፤ ምልክቱን ያነሣሁት 27 ጊዜ የሚደጋገም ነገር ምንም አዲስ ነገር ስለማይናገር ነው። ምልክቱ ከየዋጋው ጎን መጻፉን የሚያስገድድ ሕግ ባለበት አገር ግን ይህ ምርጫ የለም።

ከዚህ በኋላ አንድ ግትር ችግር ብቅ አለ። የሦስት ምግቦች ማብራሪያ የዓምዱን ስፋት በትክክል ሞልቶ ስለነበር፣ ቁጥሩ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ፤ በግራው ጠርዝ፣ ዓይን ለእያንዳንዱ ምግብ በሚመለስበት ቦታ፣ ዙሪያውን ባዶ ሆኖ ቆመ። በገጹ ላይ ከእነዚያ ሦስት ዋጋዎች የበለጠ የሚጮህ ነገር አልነበረም። መፍትሔው በመጨረሻው ቃልና በዋጋው መካከል ተራውን ክፍተት ትቶ የማይሰበር ክፍተት ማስገባት ነው፤ የዩኒኮድ ቁጥሩ `U+00A0` ሲሆን፣ ለበቂ ርቀት ሁለቱን አከታትዬ አስገባሁ። በዚህ ጊዜ ቦታ ሲጠብ የመጨረሻው ቃልና ዋጋው አብረው ይወርዳሉ። ሰፊ የሚባለው `U+2003` ክፍተት ለዓይን ይማርካል፤ መስመር በእርሱ ላይ ሊሰበር ስለሚችል ግን ለዚህ አይሆንም። አብረው ሲወርዱ አንድ መስመር እንዳይጨምሩ ደግሞ ሦስቱን ማብራሪያዎች በሁለት በሁለት ቃል አሳጠርኩ። «ትኩስና ጣፋጭ» የሚለውን ማንም አልናፈቀውም።

ስለ አሃዞቹ ቅርጽ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። ብዙ ፊደላት እያንዳንዱን አሃዝ በእኩል ስፋት ያስቀምጣሉ፤ ይህ ለዓምድ ይመቻል፣ በጽሑፍ መካከል ሲገባ ግን 1 ቁጥር ግራና ቀኙን ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ እንደ ቅርጻቸው የሚሰፉትን አሃዞች መረጥኩ። ሌላው፣ በመረጥኩት የፊደል ስብስብ አሃዞቹ ከፊደሉ ትንሽ ከፍ ብለው ይታዩ ነበርና በግማሽ ነጥብ ዝቅ አድርጌ በ8.5 አስቀመጥኳቸው።

ቅዳሜ፦ በማታው ብርሃን

የሙከራ ቅጂውን ይዤ ምግብ ቤቱ ማታ በሚሠራበት ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ ቀጥሎ ለማንበብ ፈቃደኛ ለሆኑ እንግዶች ሰጠሁ። «የምትወዱትን ምረጡ» ብሎ መስጠት ብዙ አያሳይም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ለራሳቸው እንዲመርጡ አደርግና ጣታቸውን ወይም አገጫቸውን እመለከታለሁ፤ ቀጥሎ አንድ የገንዘብ ጣሪያ ሰጥቼ ለሁለት ሰው እንዲያዝዙ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ገጹ ወደ ታች ይመራ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው በሚፈለግበት ጊዜ ይገኝ እንደሆነ ያሳያል።

በነባሩ ሜኑ ጣቶች በነጠብጣቡ ላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመላለሱ ነበር። በአዲሱ በግራው ጠርዝ ከስም ስም ይወርዳሉ፤ ርዕስ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉ ምድብ ይዘላሉ። መዝለላቸው ጥሩ ምልክት ነው፤ ዓሣ የማይበላ ሰው አራት ምግቦችን በአንድ እርምጃ አለፈ ማለት ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ነገሩ አልሰመረም። አንድ በዕድሜ የገፉ እንግዳ ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠግተው «የኔ ልጅ፣ ይሄ ስድስት ነው ስምንት?» አሉኝ። ቃል ሲደበዝዝ ከዐውዱ ይገመታል፤ አሃዝ ግን የሚገመትበት ነገር የለውም፣ ስለዚህ በጽሑፉ መጠን መሆኑ እንኳ ለአሃዝ አይበቃውም። ዋጋዎቹን ወደ 9.5 ነጥብ አሳደግኩ፤ ከፊደሉ በጥቂቱ ከፍ ማለታቸውን ተቀብዬ ውፍረታቸውን ሳልነካ ተውኩት። የመስመሩ ርቀት 4.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለውጡ ቁመት አልጨመረም።

በዚያው ማታ የግራጫውን ነገር ዘጋሁ። ባለቤቱ ዋጋውን ፈዘዝ ባለ ግራጫ እንዳትመው ሐሳብ ነበራቸው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያምራል፣ በማታው ብርሃን ግን ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰላል። ዋጋ በመጠን፣ በውፍረትና በቦታ ዝቅ ይበል፤ ቀለሙ ግን ከማብራሪያው ጋር እኩል ጥቁር መሆን አለበት። ቀለሙ የደበዘዘ ዋጋ አስተናጋጇን በየጠረጴዛው ያስጠራል፤ ጮክ ተብሎ የተነገረ ዋጋ ደግሞ ከተጻፈው ሁሉ ይጮሃል።

ሰኞ፦ አንዷ ሣጥን

ባለቤቱ ሦስት ምግቦች በሣጥን ውስጥ እንዲገቡ ጠይቀው ነበር፤ በየምድቡ አንድ። ሄድዊግ ፎን ሬስቶርፍ በ1933 ያሳየችው ነገር፣ ተመሳሳይ በሆኑ ነገሮች መካከል አንድ የተለየ ሲኖር በተሻለ እንደሚታወስ ነው። መለየት የሚቻለው ሌሎቹ እስካልተለዩ ድረስ ነው፤ ሦስት ሣጥን ሲሆን ዓይን ከሣጥን ሣጥን ይዘልና በመካከል ያሉትን ይተዋቸዋል፣ ወደ ታች የሚወርደው መንገድም ይሰበራል። አንዲቷን ለበጉ ሥጋ ሰጠሁ። ዙሪያዋን በመስመር አልከበብኳትም፤ መስመር ያለው ሣጥን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ይመስልና ይታለፋል። ከሥሯ በጣም ፈዛዛ ቀለም አደረግኩ፤ ከጽሑፉ በላይና በታች ስድስት ስድስት ሚሊ ሜትር ሰጠኋት። የዋጋው አጻጻፍ እንደ ሌሎቹ ነው፤ አጉልቼው ቢሆን ሣጥኗ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ትናገር ነበር።

የግራው ዓምድ በፊት 204 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከሣጥኗ ጋር 216 ሆነ። በቀረው 14 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለ ገንዘቡና ስለ ግብሩ የሚገልጸው ጽሑፍ በሁለት መስመር ገባ። ሁለቱ ዓምዶች ከታች በትክክል እኩል አይጨርሱም፤ እኩል ለማድረግ ክፍተቱን መለጠጥ የሐሙስን ሥራ ማፍረስ ነው።

ባለቤቱ ሣጥኗ ለውጥ ማምጣቷን እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቁኝ። ቦታው፣ ምድቡ፣ ማብራሪያውና ሣጥኗ በአንድ ጊዜ ስለተቀየሩ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት እንደማይቻል ነገርኳቸው። መለካት የሚቻለው የበጉ ሥጋ በምድቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው፤ በፊት ከ600 ሳህን 48፣ ማለትም 8 በመቶ ነበር። የሳህን ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ ቤቱ በሞላበት ወር ሁሉም ይጨምራል። ሣጥኗን ለብቻዋ መመዘን ከፈለጉ ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ በሚቀጥለው ኅትመት ማንሣትና ድርሻውን እንደገና ማስላት ይችላሉ።

ረቡዕ፦ ወረቀቱና የዋጋ ለውጥ

የቀረው ኅትመቱ ነው። ነባሩ ሜኑ በሚያንጸባርቅ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለነበር መብራቱ በላዩ ላይ ያበራል፤ በ9 ነጥብ ጽሑፍ ላይ አንድ የመብራት ነጸብራቅ ሁለት ምግብ ይሸፍናል። ከዚህም በላይ የተለበጠ ሜኑ ውድ ስለሆነ ዋጋ ሲቀየር የሚደረገው ይታወቃል፤ በአሮጌው ቁጥር ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ አዲሱ በእጅ ይጻፋል። ያ ተለጣፊ በገጹ ላይ ብቸኛው የተለየ ነገር ስለሚሆን፣ ፎን ሬስቶርፍ ያለችው ነገር በሙሉ ለእርሱ ይሠራል፤ እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው የጨመረውን ዋጋ ነው።

ስለዚህ በማያንጸባርቅ፣ በካሬ ሜትር 160 ግራም በሚመዝን ያልተለበጠ ወረቀት በጥቂት ቅጂ እንዲታተምና በሚከፈት ጠንካራ መያዣ ውስጥ እንዲገባ ተስማማን። ሲቆሽሽም ሆነ ዋጋ ሲቀየር ወረቀቱ ብቻ ይተካል። ፋይሉን ለሚያስተካክለው ሰው ሁለት መመሪያ አብሬ ሰጠሁ። አንደኛው፣ አንድ ዋጋ ከሦስት አሃዝ ወደ አራት አሃዝ ሲያድግ በተለይ በቀኙ ዓምድ የዚያን ምግብ የመስመር አሰባበር እንዲያይ፣ መስመር ከጨመረም ማብራሪያውን እንዲያሳጥር ነው። ሁለተኛው፣ ማብራሪያ እንደገና ሲጻፍ የማይሰበሩት ሁለቱ ክፍተቶች ሳይታወቅ ስለሚጠፉ፣ ከኅትመት በፊት የተሰወሩ ምልክቶችን የሚያሳየውን አማራጭ ከፍቶ ከ27ቱም ዋጋዎች በፊት መኖራቸውን እንዲያረጋግጥ ነው።